ሰው ነህ ወይስ ፍራሽ?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ማስታወቂያ ነው። የሳሙና ወይም የሪል እስቴት ማስታወቂያ እንዳይመስላችሁ። የፍቅር ጓደኛ ስንፈልግ ስለ ራሳችን የምንጽፈውን ነው የምለው። በስልክ የመተዋወቂያ አፕ ላይ ከፎቷችን ሥር የምትገባዋን፣ «ባዮ» የሚሏትን አጭር ጽሑፍ።

ታላላቆቻችን በጋዜጣና በመጽሔት የብዕር ጓደኛ ይፈልጉ ነበር። ዕድሜ፣ ቁመት፣ «መልኬ ጠይም»፣ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያዬ መጻሕፍት ማንበብና ሙዚቃ ማዳመጥ»... አለቀ! ቦታው ጠባብ ነበርና አይፈረድባቸውም። የእኛስ ሰበብ ምንድን ነው? ቲንደር ለባዮ 500 ፊደል ይሰጣል። አማርኛችን ደግሞ ተነባቢና አናባቢውን በአንድ ፊደል ይዞ ስለሚሄድ፣ ክፍት ቦታውም ተቆጥሮ ወደ 90 ቃል ገደማ ይገባበታል። በ90 ቃል ሰው ስለ ራሱ ብዙ መናገር ይችላል። እኛ ግን ቦታውን እንደ ሱቅ በራፍ በቅጽል እንለጥፈዋለን።

ሰሞኑን አንድ አንባቢ ባዮውን ቀድቶ ላከልኝ። «እህቴ፣ ምኑ ላይ እንደተበላሸ ንገሪኝ። አራት ወር ሙሉ የሚጻፍልኝ ‹ሃይ› እና ‹ሰላም ነው› ብቻ ነው። ሁለት ሴቶች ከዚያ አልፈው ተዋወቁኝ፤ ሁለቱም ጠፉ» ይላል። ስሙን አልነግራችሁም፤ እሱም እንዳልነግር አስጠንቅቆኛል። ባዮውን ግን ፈቅዶልኛል። እነሆ፦

«ታማኝ፣ ቅን፣ ፈጣሪን የሚፈራ፣ ሥራ ወዳድ፣ ተጫዋችና ሰው አክባሪ የ33 ዓመት ወጣት ነኝ። የራሴ ገቢ አለኝ። በሕይወቴ ትልቅ ዓላማ ያለኝ ስሆን ለፍቅር ሙሉ ጊዜዬን እሰጣለሁ። እውነተኛና ዘላቂ ግንኙነት የምትፈልጊ ከሆነ ሌላ ቦታ አትድከሚ! የምትፈልጊው ሁሉ እዚህ አለ። ለቁም ነገር ብቻ። ዛሬውኑ ጻፊልኝ፣ አትጸጸቺም!»

ስድብ የለበትም፤ ሰዋስዉም ደህና ነው። ታዲያ ምን ጎደለው? እስቲ እኔ «የፍራሽ ፈተና» የምለውን እንፈትነው። ባዮውን ያዙና ሰውየውን አውጥታችሁ በቦታው ፍራሽ አስገቡ፦

«ምቹ፣ ጠንካራና ዘላቂ ፍራሽ! እውነተኛ እንቅልፍ የምትፈልጊ ከሆነ ሌላ ቦታ አትድከሚ! የምትፈልጊው ሁሉ እዚህ አለ። ዛሬውኑ ደውይልን፣ አትጸጸቺም!»

አያችሁ? ልክክ ብሎ ገባ! ፍራሽ የሚገባበት ባዮ ሰው የለበትም ማለት ነው። አንባቢያችን መልእክት የማይመጣለት መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ጽሑፉ ውስጥ ስለሌለ ነው። «ሃይ» ብቻ የሚጻፍለትም ለዚህ ነው። ለፍራሽ ማስታወቂያ ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ? «ዋጋው ስንት ነው» ካልሆነ በቀር የሚያዝ ነገር የለውም።

ሁለተኛው ፈተና ለቅጽሎቹ ነው። እያንዳንዱን ቅጽል ገልብጡትና «ይሄን ስለ ራሱ የሚጽፍ ሰው አለ?» በሉ። «ውሸታም ነኝ»፣ «ሥራ እጠላለሁ»፣ «ሰው አላከብርም» ብሎ የሚጽፍ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። ተቃራኒውን ማንም የማይጽፈው ቃል ማንንም ከማንም አይለይም። ደግሞም «ታማኝ ነኝ» የሚለውን ታማኙም ውሸታሙም እኩል ይጽፉታል፤ እንዲያውም ውሸታሙ አሳምሮ ነው የሚጽፈው።

በዚህ ወንፊት የአንባቢያችንን ባዮ ስናበጥረው የቀረን «የ33 ዓመት» የሚለው ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ገለባ ሆኖ ወጣ።

እንግዲህ ሰውየውን ማግኘት ነበረብን። አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀጣጠርን። እኔ በሰዓቱ ስደርስ እሱ ከአስተናጋጁ ጋር ስለ ኳስ ክርክር ይዟል። «ቆየህ እንዴ?» ብለው «ግማሽ ሰዓት ቢሆነኝ ነው፤ ሁሌም ቀድሜ ነው የምደርሰው፣ በሽታ ነው» አለኝ። ይቺን ወዲያው ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኳት። ባዮው ላይ «ሰው አክባሪ» ያለው እኮ ይህን ነው! ግን «ሰው አክባሪ» ስትሉ የሚታየኝ ነገር የለም፤ «ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እደርሳለሁ» ስትሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አየዋለሁ።

ሰውን «ስለ ራስህ ንገረኝ» ካላችሁት ማስታወቂያውን ነው የሚደግምላችሁ። ስለዚህ አራት ትንንሽ ጥያቄ ነው የጠየቅኩት። ጓደኞችህ በምን ያበሽቁሃል? በምን የማይረባ ነገር ትከራከራለህ? ማንም ሳያይህ የምታደርገው ልማድ ምንድን ነው? ያለፈው ቅዳሜ እንዴት ዋለ? መልሱን አሳምሬ ሳይሆን እሱ እንዳለው፣ ቃል በቃል ነው የጻፍኩት። ቀልዱ ያለው አነጋገሩ ውስጥ ስለሆነ ስታሳምሩት ይጠፋል።

ሥራው ቅየሳ ነው፤ መሬት ይለካል። ጓደኞቹ የሚያበሽቁት ቦርሳው ውስጥ ውሃ ልክ ይዞ ስለሚዞር ነው። ሰው ቤት ሲጋበዝ ግድግዳው ላይ የተንጋደደ ፎቶ ካየ፣ ሳያቀና መቀመጥ አይችልም። አንድ ጊዜ የአለቃውን የሠርግ ፎቶ ሊያቃና መስታወቱን ሰብሯል። ከቤቱ በር እስከ ታክሲ መያዣው ስንት እርምጃ እንደሆነ ያውቃል። የማኪያቶውን ስኳር አያማስልም። «ለምን?» ስለው «ጣፋጩ መጨረሻ ላይ እንዲጠብቀኝ ነዋ! ካማሰልኩት ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል» አለኝ። ጭፈራ አይሆንለትም። አንድ ሠርግ ላይ እስክስታ ሲመታ ያዩት እናት «ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?» ብለው ውሃ አቅርበውለታል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው «ተጫዋች» በሚል አንድ ቃል ራሱን ቀብሮ የነበረው!

አራተኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ግን ዝም አለ። ቅዳሜ እንዴት ዋለ? ማኪያቶውን አዟዙሮ፣ ስልኩን ገልብጦ «ከልጄ ጋር» አለኝ።

ከባለቤቱ ጋር ከተፋቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ትንሽ ሴት ልጅ አለችው፤ በአዘቦት ቀን ከእናቷ ጋር፣ ቅዳሜና እሑድ ከእሱ ጋር ናት። ዳማ አስተምሯት አሁን እሱን ታሸንፈዋለች። ባዮው ላይ ግን የለችም። «ለምን?» ስለው «ገበያዬን እንዳትዘጋው ብዬ ነው» አለኝ። ቃሉን ልብ በሉልኝ፦ ገበያዬን!

የማስታወቂያ ነገር ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ቋንቋው ብቻ አይደለም የሚገባብን፤ አስተሳሰቡም አብሮ ይገባል። ሻጭ የዕቃውን ያማረ ጎን ወደ ፊት ያዞራል፤ ገዢ የማይወደውን ወደ ግድግዳው። ሻጭስ ይሁን፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ሱቁን ይዘጋል። እናንተ ግን ከገዢዋ ጋር ልትኖሩ ነው!

የጠፉትን ሁለቱን ሴቶች አስታወሳችሁ? የመጀመሪያዋ ስለ ልጁ በሁለተኛው ሳምንት ሲነግራት ጥላው ሄደች። መብቷ ነው፤ ልጅ ካለው ሰው ጋር መኖር የማትፈልግ ሴት ጥፋት የለባትም። እሷ ባዮው ላይ ብታነበው ኖሮ ሁለቱም ሁለት ሳምንታቸው አይቃጠልም ነበር። ሁለተኛዋ ግን ሦስት ወር ቆይታለች፤ ወድዷታልም። ሲነግራት ያለችውን ሳይረሳ ነገረኝ፦ «ልጅ ስላለህ አይደለም የምሄደው። ሦስት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ አለብኝ እያልክ ስለዋሸኸኝ ነው።» ባዮው የሚጀምረው በምን ቃል ነበር? «ታማኝ» በሚለው። እሷም ይህንኑ እንዳስታወሰችው ነግሮኛል።

አባቶች «ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው» ይላሉ። ልጅ ግን ጉድ አይደለችም፤ ጉድ የሚያስመስላት መደበቋ ነው።

ስለዚህ አንድ ደንብ አስቀመጥን። የሌላውን ሰው ውሳኔ የሚለውጥ ነገር ካለ፣ ማለትም ልጅ፣ ፍቺ፣ ትዳር መፈለግ አለመፈለግ፣ ለሃይማኖቱ አጥብቆ ለሚጨነቅ ሰው ሃይማኖት፣ ይህ በቀልድ ሳይሸፋፈን በግልጽ ቋንቋ ይጻፋል። ቀልዱ ከኋላው ይከተላል እንጂ አይቀድመውም። «ከእኔ የምትበልጥ አለቃ ቤቴ አለች» ብሎ ስለ ልጁ ሊጽፍ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ያስቃል፤ ግን ሚስት ያለው ያስመስላል። ጣልነው።

ቀጥሎ ምርጫ ነው። የሰበሰብነው ቀልድ ሁሉ ከገባ ሰውየው የሰርከስ ትርዒት ይሆናል። «እኔ እብድ ነኝ፣ የተለየሁ ነኝ» የሚል ባዮም ማስታወቂያ ነው፤ ዕቃው ብቻ ነው የተቀየረው። ሦስት ጠባይ በቂ ነው። የፎቶው፣ የስኳሩና የግማሽ ሰዓቱ ገቡ። የታክሲው እርምጃ የት አካባቢ እንደሚኖር ሊጠቁም ስለሚችል ወጣ። የአለቃው መስታወት ወጣ፤ አለቃውም ስልክ አላቸው! እስክስታው እንኳ እንዲገባ እኔ ለምኜ ነበር። እሱ «እሱን ስንገናኝ ትየው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሁሉን ባዮ ላይ ከጨረሳችሁት ቡናው ላይ ምን ልታወሩ ነው?

የመጨረሻው ነገር መግቢያ በር ነው። «ጻፊልኝ» ትእዛዝ ነው፤ ምን ብላ እንደምትጽፍ አይነግራትም። ጥያቄ ግን ይነግራታል። ጥያቄው ከራሱ ጠባይ መምጣት አለበት፤ «የምትወጂው ቀለም ምንድን ነው» ዓይነቱ ማንም ለማንም የሚጠይቀው ነው። ይኸው ተስተካክሎ የወጣው፦

«ቀያሽ ነኝ። ሰው ቤት ገብቼ ከመቀመጤ በፊት የተንጋደደ ፎቶ አቀናለሁ፤ ፈቃድ አልጠይቅም፣ ይቅርታ። የማኪያቶዬን ስኳር አላማስልም፤ ጣፋጩ ለመጨረሻ ይቆየኝ ብዬ ነው። ቀጠሮ ላይ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እደርሳለሁ፤ አንቺ ብታረፍጂ አስተናጋጁ ያጫውተኛል። ትንሽ ልጅ አለችኝ፤ ከእናቷ ጋር ተፋተናል። ቅዳሜና እሑድ የልጄ ነው። ዳማ ታሸንፈኛለች፤ ለቅቄላት ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። የምፈልገው ለትዳር የሚሆን ትውውቅ ነው፤ ግን ቡናው ይቅደም። ቤትሽ ውስጥ ተንጋዶ ያስቸገረሽ ነገር ምንድን ነው?»

500 ፊደሉ ውስጥ ገብቶ ይተርፈዋል። እስቲ ፍራሽ አስገቡበት! አይገባም። ፍራሽ ፎቶ አያቀናም። ሌላ ወንድም ሊገባበት አይችልም፤ ሌላው ቀያሽ ስኳሩን ያማስል ይሆናል። «ታማኝ» የሚል ቃል የለበትም፤ ግን የሚከብደውን ነገር ገና ሳይጠየቅ ተናግሯል። «ጥሩ አባት ነኝ» አላለም፤ ግን ቅዳሜውንና እሑዱን አሳየን። ቀልዶቹ ሁሉ ደግሞ በራሱ ላይ ናቸው። ይሄኛውን አስምሩበት፤ በቀድሞ ፍቅረኛ፣ በሴቶች ወይም በወንዶች ላይ የሚቀለድ ባዮ ቀልድ ሳይሆን ቂም ነው የሚሸተው።

የልጅቷ ስም፣ ፎቶዋና ትምህርት ቤቷ እንደሌለም ልብ በሉ። እንዳለች መናገር አንድ ነገር ነው፤ እሷን አደባባይ ማውጣት ሌላ ነው። ለራሳችሁም ቢሆን የመሥሪያ ቤት ስም፣ የሰፈር ምልክትና ስልክ ቁጥር ባዮ ላይ አይጻፍም፤ በተለይ እህቶቼ!

«እህቶቼ» ካልኩ አይቀር፣ የእኛም ባዮ ፈተናውን የሚወድቅበት የራሱ መንገድ አለው። የወንዶቹ የሽያጭ ማስታወቂያ ከሆነ፣ የብዙዎቻችን የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ነው። «ውሸታም አያናግረኝ፣ ጊዜ የሚያባክን አያናግረኝ፣ ሥራ የሌለው አያናግረኝ፣ ቁም ነገረኛ ብቻ!» የቀረው «ሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ያለውና ዋስ ማቅረብ የሚችል» ብቻ ነው። ውሸታም ይህን አንብቦ «ውይ፣ እኔን ነው፣ ልሂድ» የሚል ይመስላችኋል? የሚፈራው ጨዋው ነው። አንዲት ጓደኛዬ «ጊዜዬን የሚያባክን አልፈልግም» የሚለውን አውጥታ «ፊልም ግማሽ ላይ ካስጠላኝ ተነስቼ እወጣለሁ፤ ፈንዲሻውን ግን ይዤው ነው» ብላ ጻፈች። ነገሩ ያው ነው፤ ጊዜዋን አታባክንም። ግን አሁን ፈንዲሻዋን ይዛ ስትወጣ እናያታለን።

አደራ ግን፣ የአንባቢያችንን ባዮ ገልብጣችሁ እንዳትወስዱ! በተዋስነው ቀልድ የመጣው ሰው ቡናው ላይ ሲቀመጥ ቀልደኛውን ይፈልገዋል፤ እናንተን ያገኛል። ስኳሩን አላማስልም ያለው ሰው ማንኪያውን አንስቶ ሲያማስል ከተያዘ ምን ይላል? መፈተኛው ቀላል ነው። የጻፋችሁትን ለእህታችሁ ወይም ለቅርብ ጓደኛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ስቆ «ወይ አንተ! ይሄማ አንተ ነህ» ካለ ጨርሳችኋል። «ጥሩ ነው፣ ከየት አመጣኸው?» ካለ ግን ቅደዱትና እንደገና ጀምሩ።

ውጤቱን ለምትጠይቁኝ... የሚጻፍለት ሰው ቁጥር ቀንሷል፤ አልዋሻችሁም። «ሃይ» የሚሉት አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ልጅ እንዳለው አንብበው ያለፉትም ይኖራሉ፤ እነሱ ድሮም በሦስተኛው ወር የሚሄዱ ነበሩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የጻፉለት አራት ሴቶች ናቸው። አንደኛዋ «የሳሎናችን መደርደሪያ ከተሰቀለ ጀምሮ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው፤ አባቴ ግን ቤቱ ነው የተንጋደደው ይላል። ፍረድ» ብላዋለች። ሌላዋ ዳማ ላይ ልጁን ማሸነፊያ ዘዴ ልታስተምረው ቃል ገብታለች።

ከአንደኛዋ ጋር ቡና ጠጥተዋል። ስለ ልጁ ጉዳይ እንደ ድሮው «መቼ ልንገራት» እያለ አልተጨነቀም፤ ከተቀመጠች በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችው እሱኑ ነበርና። «ባለፈው ቅዳሜ ማን አሸነፈ?» ነው ያለችው። ወዴት ይደርሳሉ? ገና ነው፤ እኔም ጠንቋይ አይደለሁም። እሱ ግን ደውሎ «እህቴ፣ ሁለት ሰዓት ስናወራ አንድም ጊዜ ቃሌን መጠበቅ አላስፈለገኝም» አለኝ።

የእናንተ ባዮ የፍራሽ ፈተናውን ያልፋል? ካላለፈ እነዚያን አራት ጥያቄዎች መልሱና ከአሮጌው ባዮ ጋር ላኩልኝ፤ ስም ሳንጠቅስ አብረን እናቃናዋለን። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!